ታይፕ ሲ ፖርቱ ይሰካል፣ ምስል ግን አያወጣም

«ፒያሳ የገዛሁት ከታይፕ ሲ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር አዳፕተር ላፕቶፔ ላይ ልክ ይገባል። ፍላሽም በዚያው ፖርት ይሠራል። ሞኒተሩ ግን `No Signal` ይላል። አዳፕተሩ ተበላሽቶ ነው?»

ችግሩ ከአዳፕተሩ ይልቅ ከፖርቱ ሳይሆን አይቀርም። ታይፕ ሲ የሚነግርህ ቅርጹን ብቻ ነው። ምስል እንዲወጣ አምራቹ የግራፊክስ መስመሩን እስከዚያ ፖርት ድረስ መዘርጋት አለበት። ርካሽ ላፕቶፖች ላይ ብዙ ጊዜ ይህ ይቀራል፤ ፖርቱ ዳታ ብቻ ያስተላልፋል። መስመሩ ከሌለ ደግሞ ድራይቨር ብትጭንም አይመጣም።

ለማረጋገጥ ከላፕቶፑ ሆድ ላይ ሙሉውን የሞዴል ቁጥር አንብብና የአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ፈልገው። ከታይፕ ሲው ጎን `DisplayPort` ወይም `Thunderbolt` ከተጻፈ ምስል ያወጣል፤ ያኔ አዳፕተሩን ጠርጥር። `USB 3.2 Gen 1` ብቻ ካለ ግን ብዙም ተስፋ አታድርግ።

ላፕቶፑ የራሱ ኤችዲኤምአይ ካለው ቀጥታ በእሱ ሰካ። ከሌለው `DisplayLink` የሚባለውን ዓይነት አዳፕተር ፈልግ። ምስሉን በዳታ መስመሩ ስለሚልክ ሶፍትዌሩን መጫን አለብህ። ለጽሑፍና ለኤክሴል ይበቃል፣ ለጌም ግን አይሆንም።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ፖርቱ አጠገብ የመብረቅ ምልክት ስላየህ ብቻ ተንደርቦልት ነው ብለህ ውድ ዶክ እንዳትገዛ። ምልክቱ ስልክ ቻርጅ ማድረጊያ ብቻ ሆኖ ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል።