ውርጩ ማንንም አይጠላም

«ሰላም ለሁላችሁ። ለአጭር ልቦለድ ውድድር ስለ አንድ የመንዝ ገበሬ እየጻፍኩ ነው። ግጭት ሰው ከራሱ፣ ሰው ከማኅበረሰብ፣ ሰው ከተፈጥሮ ተብሎ ይከፈላል ይላሉ። ከአንድ አንድ ምሳሌ ጋር የሚያስረዳኝ አለ? የኔ የትኛው እንደሆነ ግራ ገብቶኛል።»

እህቴ፣ የመንዝ ገበሬ ስትዪ ልቤ ደንገጥ አለ። እኔም የጻፍኩት ስለ መንዝ ገበሬ ነበር። ተወልጄ ያደግሁት እዚያው ነው፤ አሁን ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። በዚያ ታሪክ ምክንያት ብዙ ገንዘብና ሁለት ዓመት አጥቻለሁ። አንቺ እንዳትደግሚው ብዬ ነው እንዲህ የማስረዝመው።

1ኛ፣ ሰው ከተፈጥሮ። ያንቺም ይኼው ይመስለኛል። ገበሬ አለ፣ ብርድ አለ፣ ሰብል አለ። እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። ታሪኬ 14 ገጽ ነበር። ባቄላው ፍሬ ይዞ ሊደርስ ሲል፣ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ውርጭ ይወርድበታል። ገበሬው ጠዋት ተነስቶ ያያል። ያለቅሳል። አለቀ። ከ14ቱ ገጽ ዘጠኙ ስለ ውርጩ ነው። አሁንም ቢሆን አጻጻፉን አልጠላውም። ሌሊቱን ደመና የለም፤ ነፋሱ ጸጥ ይላል፤ ኮከቡ ይበዛል። ልጅ ሆኜ አባቴ ማታ ወጥቶ ሰማዩን አይቶ ዝም ሲል ምን ማለት እንደሆነ አውቅ ነበር። ጠዋት ደግሞ ባቄላው መጀመሪያ ምንም የሆነ አይመስልም። ቅጠሉ ላይ ነጭ ነገር አለ፤ ያምራል እንኳ። ፀሐይ ወጥታ ስታሟሟው ነው ጉዱ የሚታየው። ቅጠሉ በፈላ ውሃ እንደተነከረ ይልፈሰፈስና ይጠቁራል። ያንን በደንብ ጽፌዋለሁ።

ታሪኩን ከሌሎች ስምንት ጋር አድርጌ በራሴ ገንዘብ 300 ቅጂ አሳተምኩ። ከዚያ ባህል ነክ ጉዳይ ወደሚይዝ አንድ መሥሪያ ቤት ወሰድኩት፤ በሚያዘጋጁት የንባብ ምሽት ላይ እንዳነብ ይፈቅዱልኝ ብዬ። ሰውዬው ወንበር እንኳ አላቀረበልኝም። ቆሜ ሁለት ገጽ ገለጠና ባለጉዳይ ሁሉ በተሰበሰበበት «ይሄ እኮ የአየር ጠባይ ዘገባ ነው» አለኝ። ከኋላዬ ሳቁ። መጽሐፌን ይዤ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ብዕር አላነሳሁም። ዛሬም ቢሆን ለሰው እንደዚያ መናገር ነውር ነው እላለሁ። አንድ ሰው ዓመት ሙሉ የለፋበትን ነገር ቆሞ እያየሽ እንዲህ አይባልም።

ግን የነገሩን ሥር ካየነው ጉድለቱ ነበረ። ማንም በወጉ ስላላስረዳኝ ራሴ ነው የደረስኩበት። ገበሬዬ በ14 ገጽ ውስጥ አንድም ነገር አልወሰነም። ውርጩ ወረደ፣ እሱ ተጎዳ። ይህ አደጋ እንጂ ግጭት አይደለም። ተፈጥሮ ፈቃድ የላትም። ውርጩ ገበሬውን አይጠላውም፣ አያውቀውምም። ሁለት ወገን የሌለው ግጭት የለምና ውርጩ ያላመጣውን ፈቃድ ገበሬው ራሱ ማምጣት አለበት። አንድ ነገር መፈለግ፣ ለሱ ብሎ መወሰን፣ ውሳኔውም አንድ ነገር ሊያስከፍለው ይገባል።

ይህን የገለጠልኝ የሄሚንግዌይ ሽማግሌ ነው፤ በፈረንጆቹ 1952 የታተመው «ሽማግሌውና ባሕሩ»። ሳንቲያጎ 84 ቀን ዓሣ ሳይዝ ቆይቷል። ባሕሩ ግን ጠላቱ አይደለም፤ ዓሣውንም ወንድሜ ይለዋል። የደረሰበትን ነገር ያመጣበት ከሌሎቹ አጥማጆች ርቆ ለመሄድ መወሰኑ ነው። ሻርኮቹ ዓሣውን ሲበሉበት ብዙ ርቄ መሄዴ ነው ብሎ ራሱን ይወቅሳል። የሰው ከተፈጥሮ ግጭት አከርካሪው እዚያ ላይ ነው።

ስለዚህ ታሪኬን እንደገና ጻፍኩት። አባቴ ይነግረኝ ከነበረው ጀመርኩ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፤ እንደ ውሃ ቁልቁል ወርዶ ረባዳው ላይ ይተኛል። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ ዳገቱ ላይ ያለው ማሳ ተርፎ ጉድጓዳማው የሚመታው። ረባዳው ደግሞ አፈሩ ወፍራም ነው፤ በደህና ዓመት ብዙ ይሰጣል። እና ገበሬዬ ሰኔ ላይ ልጁን የሚድርበት ዕዳ አለበት። ሚስቱ «ባቄላውን ዳገቱ ላይ አድርገው» ትለዋለች። እሱ ረባዳው ላይ ይዘራል። አየሽ፣ ግጭቱ ጥቅምት ላይ አልጀመረም፣ ሰኔ ላይ ጀመረ።

ከዚያ ያቺ ሌሊት ትመጣለች። ባናውን ደርቦ ይወጣል። ነፋስ የለም። ከቤቱ አጠገብ አንድ ክምር ጭድ አለ፤ በሬዎቹ በጋውን የሚበሉት እሱን ብቻ ነው። እርጥብ አድርጎ ቢያጨሰው ጭሱ ማሳው ላይ ተኝቶ ብርዱን ትንሽ ሊያስታግስ ይችላል፤ ነፋስ ከተነሳ ግን በከንቱ ይሄዳል። ያጨሳል ወይስ በሬዎቹን ያስባል? እዚህ ላይ አራት ገጽ ቆየሁ። የመጀመሪያውን ሸክም ሲያነሳ በሬው ጭዱ የሚመጣለት መስሎት ቀና ይላል። ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል። በመጨረሻ ግማሹ ባቄላ ይተርፋል፤ ጭዱ ያልቃል፤ ሚስትየው ማለዳ ተነስታ ወንድሟ ቤት ጭድ ልትለምን ትሄዳለች። ስለ ዘር ያለችው ነገር እውነት ነበር፤ አንድም ቃል ግን አትናገርም።

ያንቺን ለመፈተሽ ይህን አድርጊ። ውርጩን አውጥተሽ በምትኩ አንበጣ አስገቢ። ታሪኩ ምንም ካልተለወጠ ውርጩ ማሳበቢያ እንጂ የግጭቱ ወገን አይደለም ማለት ነው። የኔ የመጀመሪያው አይለወጥም ነበር። ሁለተኛው ግን ይፈርሳል። አንበጣ ረባዳና ዳገት አይለይማ! በሰኔ የተወሰነው ነገር ትርጉም ያጣል።

2ኛ፣ ሰው ከማኅበረሰብ። እዚህ ላይ ብዙ አልልም፤ ምሳሌውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በ1958 የወጣው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በዛብህ የድሃ ልጅ ነው፤ ሰብለ ወንጌል የባላባት ልጅ ናት። ፊታውራሪ መሸሻ ክፉ ስለሆኑ ብቻ እንዳይመስልሽ። እሳቸውን ከመጽሐፉ አውጥተሽ ብትጥዪ የዘር ቆጠራው ልማድ እዚያው ይቀራል። ጉዱ ካሣን ተመልከቺው፤ ልማዱን ስለተቃወመ ሰው ሁሉ እንደ እብድ አየው። ያንን ያደረገው አንድ ሰው አይደለም፣ አገሬው ነው። መለያው ይኸው ነው፦ ክፉውን ሰው አስወግደሽ ችግሩ ከቀጠለ ግጭቱ ከማኅበረሰብ ጋር ነው፤ ከጠፋ ሰው ከሰው ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ የሸክላ ሠሪ ልጅ ለገበሬ ልጅ ስትታጭ የሚሆነውን ጽፌ ነበር። መጥፎነቱን ሁሉ አማትየዋ ላይ ከመርኩት። መጨረሻ ላይ ሴትየዋ ስትሞት ሁሉም ሰላም ሆነ። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው የሚል አገር በአንዲት ሴት ሞት ሰላም ይሆናል? አይሆንም። ያን ታሪክ እስካሁን አላስተካከልኩትም።

3ኛ፣ ሰው ከራሱ። ሰው ሁሉ ቀላል ይመስለዋል፤ እኔ ግን ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነው። አብዛኞቻችን የምንጽፈው «ተጨነቀ፣ ኅሊናው ወቀሰው፣ እንቅልፍ አጣ» ብለን ነው። ያ የስሜት ወሬ ነው። በአንድ ሰው ውስጥ ሁለት ፍላጎት መኖር አለበት፤ ሁለቱም እውነተኛ፣ ሁለቱም ደግሞ አንድ ላይ የማይሆኑ።

የኔ ምሳሌ የድንበር ድንጋይ ነው። አንድ ሰው በወጣትነቱ፣ በሌሊት፣ የጎረቤቱን ድንበር ሁለት እርምጃ ገፍቷል። ማንም አላየም። አሁን የተከበረ ሽማግሌ ነው። ጎረቤቱ ሞቷል። የሟች ልጆች በሌላው ወገን ካለ ሰው ጋር በወሰን ተጣሉና «እሳቸው ያውቃሉ፣ እሳቸው ያሳዩን» ብለው እሱኑ መረጡት። ሰውዬው መከበሩን ይፈልጋል፤ ለፍቶ ነው ያገኘው። ከመሞቱ በፊት ንጹሕ መሆንም ይፈልጋል። ማንም አልጠረጠረውም፣ ማንም አልከሰሰውም። ይህ ወሳኝ ነው። «እኔ አይቼሃለሁ» የሚል አንድ ምስክር ባስገባ ኖሮ ግጭቱ ወዲያው ሰው ከሰው ይሆን ነበር። እኔም በመጀመሪያው ረቂቅ አስገብቼው ነበርና ቆርጬ አወጣሁት።

በሁለተኛው ረቂቅ ኅሊና የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። ሽማግሌው ከሰዎቹ ጋር ማሳው ላይ ይወርዳል። እግረ መንገዱን ያ ድንጋይ ጋ ይደርሳል። ድንጋዩ ሽበት አብቅሏል፣ ግማሹ መሬት ውስጥ ገብቷል፤ ከዓለም መጀመሪያ ጀምሮ እዚያ የነበረ ነው የሚመስለው። ሰዎቹ ወደ ሌላኛው ወሰን ሊያልፉ ሲሉ እሱ ይቆማል። በዱላው ድንጋዩን መታ መታ ያደርጋል። «ምነው አባባ?» ይሉታል። ታሪኩ በዚያ ዱላ ላይ ነው ያለው።

አሁን ወዳንቺ ልመለስ። ገበሬሽ ውርጭ ቢመታውም፣ ታሪክሽ የሚያተኩረው ለምሳሌ ዕርዳታ ለመቀበል ካፈረበት ነገር ላይ ከሆነ ግጭቱ ከራሱ ጋር ነው፤ ውርጩ መነሻ ብቻ ነው። መሬቱን ሊያርስ የማይፈቀድለት ሰው ከሆነ ደግሞ ከማኅበረሰብ ጋር ነው። አንዱን ዋና አድርጊ፤ ሌሎቹ በጎን ቢገቡ ችግር የለውም። ሦስቱንም እኩል ልታደርጊ ከሞከርሽ ግን አጭር ልቦለድ አይችለውም፣ ቦታ የለውም። እኔ ሞክሬው 40 ገጽ ሆኖብኛል።

የውርጩን ታሪክ በሁለተኛ መልኩ ባለፈው ዓመት እዚሁ ከተማችን ውስጥ በአንድ የንባብ ምሽት ላይ አነበብኩት። ስጨርስ ከኋላ አንድ ጋቢ የለበሱ አባት ተነሱ። ስለ አጻጻፉ ምንም አላሉም። «በሬዎቹስ ተረፉ?» ብለው ጠየቁኝ። ያን ያህል የተደሰትኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ያንቺ ገበሬ ሰኔ ላይ ምን ወስኖ ነበር? እሱን ጻፊልኝና ቀሪውን አብረን እናየዋለን።