«ብሶት የወለደው» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ይድረስ ለእናንተ፣ ታሪክና ፖለቲካ ለምታጠኑ ወጣቶች፤

ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. በሬዲዮ የተሰማው «ብሶት የወለደው» የሚለው ሐረግ ብዙዎቻችሁ ሳትወለዱ የተነገረ ነው፤ ዛሬም ግን ከአፋችሁ አልጠፋም። ለቀልድም ብትሉት ውስጡ አንድ ሙሉ ንድፈ ሐሳብ አለ፤ ሕዝብ ይበደላል፣ በደሉ ሞልቶ ይፈስሳል፣ ከዚያ ጦርነት ይወለዳል። የእርስ በርስ ጦርነት ተመራማሪዎች ለዓመታት የተከራከሩት በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። ክርክሩን ለመመርመር አገራችንን ለጊዜው እናቆያት፤ ስለ ራሱ ቤት ሲነሳ ሁሉም አስቀድሞ ወገን ይዟል። ከዚያች የሬዲዮ ዜና ሁለት ወር ቀደም ብሎ ጦርነት የገባባትን ሴራሊዮንን እንውሰድ። ከዚህ በኋላ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

በሴራሊዮን ብሶት አልነበረም የሚል ሰው አታገኙም። ሲያካ ስቲቨንስ አገሪቱን እስከ 1985 ገዙ፤ በ1978 ከራሳቸው ፓርቲ በቀር ሌላውን ሁሉ በሕግ አገዱ። ከእሳቸው በኋላ በጆሴፍ ሞሞ ዘመን መምህራን ደመወዝ ሳይከፈላቸው ወራት ያልፉ ነበር። በገጠር ደግሞ መሬቱም ፍርድ ቤቱም በባህላዊ አለቆች እጅ ነበር፤ ጥሎሽ የሚከፍልለት የሌለው ወጣት በትንሽ በትልቁ ይቀጣል፣ መክፈል ካቃተው በጉልበቱ ይሠራል፣ ወይም መንደሩን ጥሎ ይሰደዳል። የዚህ አብዛኛው ግን በ1978ም ነበረ፣ በ1985ም ነበረ። ጦርነቱ የተጀመረው መጋቢት 1991 ነው። ለአሥርና ለአሥራ አምስት ዓመት ሳይለወጥ የቆየ ነገር ጦርነቱ ለምን በዚያ ወር እንደተነሣ ብቻውን ሊነግረን አይችልም።

ስለዚህ ስለ አንድ ጦርነት ስታነቡ ከመፈክሩ በፊት የመጀመሪያውን ጥቃት ፈልጉ። የት ነበር? ስንት ሰው ነበረ? መሣሪያውን ማን ሰጠው? የመንግሥት ጦር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምን አደረገ? ለሴራሊዮን መልሱ ይታወቃል። የተባበረው አብዮታዊ ግንባር ተዋጊዎች መጋቢት 23 ቀን ከላይቤሪያ ተነሥተው በካይላሁን ወረዳ ቦማሩ የምትባለውን የጠረፍ መንደር መቱ። ቁጥራቸው መቶ ያህል ነበር። መሪያቸው ፎዴይ ሳንኮህ የቀድሞ አሥር አለቃ ናቸው፤ አብረዋቸው ከዘመቱት ብዙዎቹ ግን በ1989 መጨረሻ ላይቤሪያ ውስጥ ጦርነት የከፈቱት የቻርልስ ቴይለር ሰዎች ነበሩ። በ1991 አዲስ የነበረው ብሶቱ ሳይሆን ድንበር ማዶ የተገኘው ጦርና ስንቅ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ «አዎ፣ አልማዝ!» ይላል። ፖል ኮሊየርና አንከ ሆፍለር የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ብሶት በየአገሩ ሞልቷል፣ ልዩነት የሚያመጣው አመፅን በገንዘብ ማቆም መቻል ነው ብለው ተከራክረዋል፤ ሴራሊዮንም የዚህ ሐሳብ ዋና ምሳሌ ሆና ቀረች። ካርታውን ግን ዘርጉት። አማፂዎቹ የገቡበት አካባቢ በቡናና በካካዋ ይታወቃል፤ ትልቁ የአልማዝ ቦታ ኮኖ ከዚያ በስተሰሜን ነው። ኮኖን የያዙት በ1992 መጨረሻ ላይ፣ ጦርነቱ ዓመት ተኩል ካስቆጠረ በኋላ ነው። አልማዙ ጦርነቱ እስከ 2002 ለምን እንደተጎተተ በደንብ ያስረዳል። ለምን እንደተጀመረ ግን በቀጥታ አያስረዳም። አጀማመርንና ዕድሜን መቀላቀል በዚህ መስክ በጣም የተለመደው ስሕተት ነው፤ አንጋፋዎችም ይሳሳቱታል።

አልማዙ ትልቁን ጉዳት ያደረሰው ጥይት ከመተኮሱ በፊት ነው። በ1970 አገሪቱ በሕጋዊ መንገድ ከሁለት ሚሊዮን ካራት በላይ ትልክ ነበር፤ በ1988 ቁጥሩ ወደ 48,000 ካራት ወረደ። ድንጋዩ ተሟጥጦ አይደለም፤ ንግዱ ወደ ገዥዎቹና ወደ ሸሪኮቻቸው የኮንትሮባንድ መስመር ስለዞረ ነው። ገቢ የሌለው ግምጃ ቤት ደመወዝ አይከፍልም፣ ለወታደር መኪና ነዳጅ አይሞላም። መቶ ሰው ሲገባ ሊመልሰው የሚገባው ጦር ከ3,000 ብዙም የማይበልጥ፣ ትጥቁና ስንቁ የጎደለበት ነበር። በሚያዝያ 1992 ከጦር ሜዳ የመጡ ወጣት መኮንኖች ዋና ከተማዋ ፍሪታውን ገብተው ሞሞን አባረሩ፤ መሪያቸው ቫለንታይን ስትራሰር ገና 25 ዓመቱ ነበር። ለውጡ ግን የጦር ሜዳውን ሁኔታ አላዳነም። ሕዝቡ ቀን ወታደር ሌሊት አማፂ ለሚሆነው ሰው «ሶቤል» የሚል ስም አወጣለት።

ጄምስ ፊሮንና ዴቪድ ሌይቲን የተባሉ የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪዎች በ2003 ባወጡት ጥናት የያዙት መከራከሪያ ወደዚህ የመንግሥት ድክመት ይቀርባል። ከ1945 እስከ 1999 የተነሡ 127 ጦርነቶችን መርምረው፣ የብሔረሰብ ብዛት የአገሩ የገቢ መጠን ከግምት ሲገባ ብዙም እንደማይተነብይ፣ ድህነት፣ ተራራማ መሬትና ያልረጋ መንግሥት ግን እንደሚተነብዩ አሳዩ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የነፍስ ወከፍ ገቢ ዝቅ ማለቱን ኮሊየር «ወጣቱ ቢዘምት የሚቀርበት ነገር ትንሽ ነው» ብሎ ያነበዋል፤ ፊሮን «ፖሊሱና ጦሩ ደካማ ነው» ብሎ፤ የብሶት ወገን ደግሞ «ሕዝቡ ተቸግሯል» ብሎ። ቁጥሩ አንድ ነው፣ ንባቡ ሦስት። ሠንጠረዡ ራሱ አይለያቸውም።

ለመለየት ጦርነት ሊነሣበት ሲችል ያልተነሣበትን ጎረቤት መፈለግ ይረዳል። ጊኒ ከሴራሊዮን ጋር ትዋሰናለች፤ አልማዝ አላት፣ ድሃ ናት፣ በዚያን ጊዜም የላንሳና ኮንቴ አገዛዝ ብዙ ሰው አስመርሮ ነበር። በ2000 መጨረሻና በ2001 መጀመሪያ ያው የሴራሊዮን አማፂ ግንባር በቴይለር ድጋፍ ድንበሯን ጥሶ ጌኬዱን የመሳሰሉ ከተሞችን አጠቃ። የጊኒ ጦር ግን አልፈረሰም። በሄሊኮፕተርና በአካባቢ ወጣት ፈቃደኞች ታግዞ አማፂዎቹን ክፉኛ መትቶ መለሰ፤ ከተሞች ወደሙ፣ ብዙ ሰው ተፈናቀለ፣ የእርስ በርስ ጦርነት ግን አልሆነም። ብሶቱም ማዕድኑም ወራሪውም እያለ የተለየው የጦሩ አቅም ነው። አንድ ንጽጽር ክርክር አይዘጋም፤ ሆኖም ከመቶ መፈክር ይሻላል።

ታዲያ ብሶትን እንጣለው? እኔ አልጥለውም። ከጦርነቱ በኋላ ከሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎች ሲጠየቁ፣ በአማፂው ግንባር ከነበሩት እጅግ የሚበዙት ታፍነን ነው የገባነው አሉ። ይህ የአማፂውን መፈክር እንደ ተከታዮቹ ስሜት አድርጎ ማንበብን ያከሽፋል። መንደሮች ላይ ሲደረስ ግን ከመጀመሪያዎቹ ዒላማዎች መካከል አለቆች መኖራቸው፣ ቂም ያለው ወጣትም መንገድ መርቶ መገኘቱ እንዲሁ በዘፈቀደ የሆነ አይደለም።

ደግሞም የመጀመሪያዎቹ ጥናቶች ብሶትን የለኩት በግለሰቦች የገቢ ልዩነት ነው። ላርስ ኤሪክ ሴደርማንና ባልደረቦቹ መለኪያውን ለውጠው የትኛው ብሔረሰብ ከሥልጣን እንደተገለለ ሲቆጥሩ ብሶት እንደገና ጉልህ ሆኖ ወጣ። ይህም ቢሆን ለካይላሁን አይበቃም። እዚያ ቀጪውም ተቀጪውም የአንድ ብሔረሰብ፣ አንዳንዴም የአንድ መንደር ሰዎች ነበሩ። ያን ዓይነቱን ቂም የሚፈልግ ሰው የገቢ ሠንጠረዡንም የብሔረሰብ ዝርዝሩንም አስቀምጦ ማን በማን መሬት ላይ ያርስ እንደነበረ፣ የአለቃው ፍርድ ቤትም ማንን ስንት ይቀጣ እንደነበረ መንደር ለመንደር መጠየቅ አለበት።