ባክግራውንዱ ሲቀየር ፍሬሙም ይቀየር፦ ለወጣት የፎቶ ባለሙያዎች

ውድ የሙያ ልጆቼ፣

በየፎቶ ቤቱ የምትሠሩትን የምርቃትና የሠርግ ፎቶ በጥንቃቄ እመለከታለሁ። ሰውን ከግድግዳ ፊት ቆርጦ በማውጣት እጃችሁ እኛ ከነበርንበት ዘመን እጅግ ይሻላል፤ የፀጉር ጫፍ እንኳ አያመልጣችሁም። ሥራው ግን ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ይቆማል። ግራጫው ግድግዳ ወጥቶ የጣና ሐይቅ ይገባል፣ ተመራቂዋ ግን ግድግዳው ፊት በቆመችበት ቦታ፣ በዚያው ፍሬም ውስጥ ትቀራለች። ያ ፍሬም የተመረጠው ለግድግዳው ነበር። ግድግዳ አድማስ የለውም፣ ዓይን የሚስብ ነገርም የለበትም፤ ሰውን መሀል ላይ ማቆም ምንም አይጎዳውም። ሐይቅ ግን አድማሱን፣ ዛፉን፣ ጀልባውንና ብርሃኑን ይዞ ይመጣል፤ የሰውየውም ቦታ እንደገና መወሰን አለበት።

አንድ ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ። ካባ የለበሰች ተመራቂ ከወገቧ በላይ በቁም ፍሬም ተነሥታለች እንበል፤ ወርዱ 4000፣ ቁመቱ 6000 ፒክስል ነው። ዓይኖቿ ከግራው ጠርዝ 2000፣ ከላይ 1800 ፒክስል ላይ ናቸው። የምታየው ወደ እኛ ቀኝ ነው። በእኛ ግራ በኩል ያለው ሰፊ እጅጌዋ በፍሬሙ ጠርዝ ተቆርጧል። ካሜራው በትከሻዋ ከፍታ ላይ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል ቆሞ ነበር። ቤተሰቧ የባሕር ዳርን የጣና ዳርቻ ከኋላዋ ፈልጓል፤ የሚታተመውም በአግድም፣ 20 በ30 ሴንቲሜትር ነው።

በመጀመሪያ የማይነቃነቀውን ለዩ። ባክግራውንዱ የተለየ ሌየር ስለሆነ ሸራውን ወደፈለጋችሁት አቅጣጫ ማስፋት ትችላላችሁ፤ በድሮው ክሮፕ ቦታ መቀነስ እንጂ መጨመር አይቻልም ነበርና ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ፍሬም አካልን ወይም ልብስን የቆረጠበት ጠርዝ የአዲሱም ፍሬም ጠርዝ ሆኖ ይቀራል፤ ወደ ውስጥ መቁረጥ ይቻላል፣ ወደ ውጭ ግን አይታለፍም። የዚህች ልጅ እጅጌ በግራ ተቆርጧል፤ ወደ ግራ ብታሰፉ የተቆረጠው ጨርቅ ውሃው ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። ወደ ቀኝ ግን ነፃ ናችሁ።

ዕድለኞች ነን፣ የምትመለከተውም ወደ ቀኝ ነው። ሰው ወደ አንድ ወገን ሲያይ ተመልካቹም ዓይኑን ተከትሎ ወደዚያው ይሄዳል፤ በዚያ በኩል ጠርዙ ቶሎ ከመጣበት እይታው ይታገዳል፣ ሰውየውም ከግድግዳ ጋር የተፋጠጠ ይመስላል። ስለዚህ ከፊቷ ቦታ እንተዋለን። ዓይኖቿ ከግራ 2000 ላይ ስለሆኑ ወርዱን 6000 ብናደርገው አንዱ ሲሶ ከኋላዋ፣ ሁለቱ ሲሶ ከፊቷ ይሆናል። ለ20 በ30 ኅትመት ቁመቱ 4000 መሆን አለበት። ዓይኖቿን የላይኛው ሲሶ ላይ ለማድረግ ከላይ 1333 እንፈልጋለን፤ ከላይ 467 ፒክስል ስንቆርጥ ይገኛል። የታችኛው ጠርዝ ከክርኗ ትንሽ ከፍ ብሎ ያርፋል። በመጋጠሚያው ላይ ስላልሆነ ክንዷ የተጎመደ አይመስልም።

አሁን የሚበዛው ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። ዋናውን ነገር በፍሬሙ ሲሶ መስመር ላይ አድርጉ የሚለውን የሲሶን ደንብ የተማረ ወጣት ሐይቁን የተለየ ሌየር ስለሆነ ብቻ ወደ ላይ ወደ ታች እየጎተተ፣ ውሃው ከሰማይ የሚገናኝበትን መስመር ደስ ያለው ሲሶ ላይ ያስቀምጠዋል። ይህ ፈጽሞ አይደረግም። አድማስ የካሜራው ከፍታ ነው። ካሜራው ቀጥ ብሎ በትከሻዋ ከፍታ ከነበረ አድማሱም በትከሻዋ ማለፍ አለበት፤ በመጀመሪያው ፍሬም ይህ ቦታ የቁመቱ እኩሌታ፣ ማለትም ከላይ 3000 ላይ ነው። መስመሩን ወደ ዓይኖቿ ብታወጡት ልጅቷ ጉድጓድ ውስጥ የቆመች ትመስላለች፤ ወደ ወገቧ ብታወርዱት ደግሞ ከመሬት ከፍ ብላ የምትንሳፈፍ ግዙፍ ትሆናለች። ተመልካቹ ምክንያቱን መናገር ባይችልም «ይህ ፎቶ የተለጠፈ ነው» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

የእኛ ምሳሌ ከላይ 467 ሲቆረጥለት አድማሱ በአዲሱ ፍሬም ከላይ 2533 ላይ ይወድቃል። የታችኛው ሲሶ 2667 ላይ ነው፤ የ134 ፒክስል ልዩነት ዓይን አይለየውም፤ ስለዚህ ተዉት። ልዩነቱ ትልቅ ቢሆንም እንኳ አድማሱን ከሰውነቷ ነጥላችሁ አታንቀሳቅሱ፤ ሰውና ሐይቅ አንድ ላይ ከታሰሩ በኋላ የክሮፑን መስኮት ብቻ አንሸራትቱ። ደንቡና አድማሱ ካልተስማሙ ደንቡ ይቅር። እንግሊዛዊው ጆን ቶማስ ስሚዝ በ1797 እ.ኤ.አ. የሲሶን ሐሳብ በጽሑፍ ሲያሰፍር የሚያወራው ስለ ገጠር መልክዓ ምድር ሥዕል፣ ብርሃንና ጥላ ስለሚከፋፈሉበት መጠን ነበር፤ የተመራቂ ራስ የት ይቁም የሚል ሕግ አላወጣም።

ማረጋገጫውም ቀላል ነው። ከኋላ፣ በዳርቻው ላይ የሚሄዱ ሰዎች ካሉ ተመልከቷቸው። በአንድ ደልዳላ መሬት ላይ የቆሙና ቁመታቸው የሚቀራረብ ሰዎችን፣ ቅርብም ይሁኑ ሩቅ፣ አድማሱ በአንድ የሰውነት ክፍል ላይ ያልፍባቸዋል። የልጅቷን ትከሻ የሚነካ ከሆነ የእነሱንም ትከሻ መንካት አለበት። አድማሱ ከሁሉም ራስ በላይ ካለፈ ያ ፎቶ የተነሣው ከሆቴል ሰገነት ወይም ከሌላ ከፍታ ነው፤ ብትጎትቱት አይስተካከልም፣ ሌላ ፎቶ ፈልጉ።

ከፊቷ የተተወው ቦታ ውስጥ ምን እንዳለም እዩ። ቀኙ ጠርዝ አጠገብ የሚያበራ ግንድ ካለ ዓይን ከፊቷ ላይ ይነሣና እዚያ ይቀራል፤ ባክግራውንዱን ወደ ጎን ገፋ አድርጋችሁ ከፍሬም አስወጡት። ወደ ጎን መግፋት አድማሱን አይነካምና አትፍሩ። ታንኳ ካለ ደግሞ ለታንኳውም ከፊቱ ቦታ ያስፈልገዋል፤ ወደ ቀኝ የሚቀዝፍ ከሆነ ጠርዙ ላይ አታጣብቁት።

እይታዋ ወደ ሌላ ወገን ሆኖ ሲያስቸግራችሁ ልጅቷን እንደ መስታወት መገልበጥ ያምራችኋል። አታድርጉት። የፊት ምልክትና ፀጉሯ የተከፈለበት መስመር ቦታ ይለውጣሉ፣ የቆቧ ዘርፍ ወደ ሌላ ጎን ይዞራል፤ እናቷ ከሁሉ ቀድማ ታየዋለች። የግድ ከሆነ የሚገለበጠው ሐይቁ ነው፤ እሱም በላዩ ላይ ጽሑፍ ያለው ነገር ከሌለና ፀሐዩ ፊቷ ላይ ካለው ብርሃን ጋር በአንድ ወገን ከሆነ ብቻ።

ፊት ለፊት ካሜራውን የምታይ ልጅ፣ ከኋላዋም ግራና ቀኙ እኩል የሆነ በር ወይም ሕንጻ ካለ፣ መሀል ላይ ትቁም። ለእሷ ሲሶ አያስፈልጋትም።

ፎቶሾፕ ላይ ክሮፕ ስታደርጉ «Delete Cropped Pixels» የሚለውን ምልክት አንሡት፤ የተቆረጠው ክፍል ተደብቆ ይቆያል። ቤተሰቡ በማግስቱ 20 በ25 ቢያዝ ወርዱ ወደ 5000 ይወርዳል፣ 1000 ፒክስል ይጠፋል። ማተሚያው ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ወገን እኩል ይቆርጣል፤ ግራው 500 ሲሄድ እጅጌዋና የትከሻዋ ጫፍ ይጎዳሉ። ስለዚህ መጠኑን ራሳችሁ አስተካክላችሁ ላኩ፤ ከግራ 200 ያህል፣ ከቀኝ 800 ያህል ቁረጡ። ዓይኖቿ ከግራ 1800 ላይ ይሆናሉ፣ ከፊቷም 3200 ይቀራል።