ጥያቄና መልስ፦ ገና ወይስ ገና?

«ተናግሬ ሳልጨርስ በአማርኛ የሚያናግረኝ የድምፅ ረዳት ፕሮግራም ያቋርጠኛል። ማይክሮፎኑ ነው?»

ማይክሮፎኑን ይተዉት። የአማርኛ ግስ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። «ነገ ጠዋት ለእናቴ...» ብለው ትንፋሽ ሲወስዱ ፕሮግራሙ ግማሽ ሰከንድ ዝምታ ሰምቶ ንግግሩ ያለቀ ይመስለዋል፤ ያልተሰማው ቃል ግን «ደውል» ይሁን «መልእክት ላክ» ወይም «እንድደውል አስታውሰኝ» ማንም አያውቅም። መልሱን የሚያዘጋጀው የቋንቋ ሞዴልም ከሦስቱ አንዱን ገምቶ ይመልሳል። የዝምታውን ገደብ በጭፍን ማርዘም አጫጭር ትእዛዞችን ያዘገያል። የተጻፈው የመጨረሻ ቃል ማሰሪያ ግስ ካልሆነ ብቻ ተጨማሪ አንድ ሰከንድ ይጠብቅ።

«‹ሐኪም› ያልኩትን ‹ሀኪም› ብሎ ከጻፈ እንደ ስህተት ልቁጠረው?»

አይቁጠሩት፤ የስህተቱን መጠን ከመለካትዎ በፊት ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ረዳቱ በጻፈውም በትክክለኛውም ጽሑፍ ላይ ወደ አንድ ፊደል ይመልሱ።

«መልሱ በጽሑፍ ሲታይ ጥሩ አማርኛ ነው፤ በድምፅ ሲነበብ ግን ባዕድ ሰው ያነበበው ይመስላል። የድምፅ ናሙና ብንጨምር ይስተካከላል?»

ናሙናው ድምፁን ያሳምረው ይሆናል፤ ሕመሙ ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ጽሑፋችን መጥበቅንና መላላትን አያሳይም። ተጠቃሚው «ገና ደረሰ?» ብሎ ሲጠይቅ በዓሉን ማለቱ እንደሆነ «ና»ን አጥብቆ ተናግሯል። ድምፅ ወደ ጽሑፍ የሚለውጠው ክፍል «ገና» ብሎ ይጽፋል፤ በዚያች ቅጽበት ጥብቀቱ ጠፋ። የቋንቋ ሞዴሉ ከአውዱ ተረድቶ «ገና ገና ነው» ብሎ ይመልሳል። የመጀመሪያው ይጠብቃል፤ ሁለተኛው ይላላል። ጽሑፉን የሚያነበው ክፍል ግን ሁለት አንድ ዓይነት ቃላት ነው የሚያየው፤ ስለዚህ ሁለቱንም አንድ ዓይነት አድርጎ ያነባቸዋል። «ይመታል» ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ሲላላ መቺው ነው፣ ሲጠብቅ ተመቺው።

ብዙዎች የሚሠሩት ፍተሻ ይህን ፈጽሞ አለማሳየቱ ያበሳጨኛል። የተነበበውን ድምፅ መልሰው ለራሱ ለሥርዓቱ ያሰሙትና ጽሑፉ ከመጀመሪያው ጋር ስለገጠመ «ትክክል ነው» ይላሉ። የላላውም የጠበቀውም «ይመታል» ተብሎ ይጻፋልና መግጠሙ ምንም አያረጋግጥም። የሚያዋጣው ሰው ነው። ገና፣ ዋና፣ አለ፣ ይመታል የመሳሰሉ ቃላት ያሉባቸው ሃምሳ ዓረፍተ ነገሮች ያዘጋጁ፤ ጽሑፉን ሳያሳዩ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ያሰሙና ምን እንደተረዱ ይጠይቋቸው።

ጥገናው በቋንቋ ሞዴሉና በአንባቢው ክፍል መካከል አንድ እርከን መጨመር ነው። የተመራማሪው የማይክል ጋሰር ሥራ የሆነው ሆርንሞርፎ የተባለ ፕሮግራም የአማርኛን ቃል ወደ ምዕላዶቹ ይተነትናል፤ የሚጠብቀውንም ድምፅ ያሳያል። ዩኒኮድም ለዚህ `U+135F` የሚባል፣ ከፊደሉ በላይ የሚቀመጥ ምልክት አለው፤ በዓሉ «ገና፟» ተብሎ ይጻፋል። ሁለት ነገር ግን አይርሱ። ተንታኙ ለአንድ ቃል ሁለት አማራጭ ከሰጠ በዓረፍተ ነገሩ አውድ መምረጥ ያስፈልጋል። አንባቢው ክፍል ደግሞ ምልክቱን በሥልጠናው ጊዜ አይቶት የማያውቅ ከሆነ ይዘለዋል ወይም ይደናገራል። ስለዚህ የሥልጠናው ጽሑፍ ራሱ ምልክት ተደርጎበት እንደገና መሠልጠን አለበት። አድካሚ ነው፤ አቋራጭ ግን አላየሁም። ምልክት ማድረጉን የአማርኛ ሥነ ድምፅ ያጠና ሰው ቢመራው ደግ ነው።

«ጽሑፉ 8:00 ይላል፤ ረዳቱ ‹ስምንት ሰዓት› ብሎ አነበበልኝና ቀጠሮዬ አለፈ።»

ሞዴሉ የጻፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነበር። የስድስት ሰዓቱን ልዩነት በፕሮግራም ኮድ ያስሉና አንባቢው ክፍል ዘንድ «ጠዋት ሁለት ሰዓት» ተብሎ በቃላት ተጽፎ ይድረስ።

«ሕሙማን በስልክ ደውለው የመድኃኒታቸውን መጠን የሚጠይቁት ረዳት ልንሠራ ነው። ምክር ካለህ?»

አለኝ፤ ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ፋርማሲስት አስገቡ። ይህን እንደ ወግ አልናገረውም። «ሠላሳ» እና «ስልሳ» በስልክ መስመር ላይ በቀላሉ ይምታታሉ። ድምፅ ወደ ጽሑፍ የሚለውጠው ክፍል ሠላሳውን ስልሳ ብሎ ከጻፈ፣ ሞዴሉ በተሳሳተው ቁጥር ላይ የተስተካከለ ዓረፍተ ነገር ይሠራል፤ አንባቢው ክፍል ደግሞ በማያመነታ ድምፅ ያነበዋል። ሕመምተኛው የሚሰማው ያንን እርግጠኛ ድምፅ ብቻ ነው። የመጠኑን ቁጥር ሞዴሉ እንዳያመነጭ ከልክሉት፤ ከማዘዣው መዝገብ ብቻ ይወሰድ። የተሰማው ቁጥር «ሦስት፣ ዜሮ» ተብሎ በየአሃዙ ይደገምና ደዋዩ ያረጋግጥ። ካላረጋገጠ ጥሪው ወደ ሰው ይተላለፍ፤ ያ ሰው በሌለበት ሰዓት ረዳቱ ስለ መጠን አይናገር።