ኢሚውኖሎጂና ሄማቶሎጂ በአንድ ፈተና፣ ሰባት ቀን ሲቀር፦ ጥያቄና መልስ

በውስጥ መስመር ተመሳሳይ ጥያቄ ስለበዛብኝ እዚሁ ልመልስ። እኔ የምሠራው ሄማቶሎጂና ደም ባንክ ላይ ነው። ኢሚውኖሎጂን የማውቀው በደም ባንክ በኩል ስለሆነ ከዚያ ወጣ ያለውን ሌላ ሰው ጠይቁ። ደግሞ የቱ ጋ እንደተያዛችሁ ለይታችሁ ጻፉ። «ምን ላንብብ?» ለሚል ጥያቄ መልስ የለኝም።

ሰላም፦ ቲቸር፣ ሰባት ቀን ነው የቀረኝ። ሦስት ቀን ለኢሚውኖሎጂ፣ ሦስት ቀን ለሄማቶሎጂ፣ አንዱን ቀን ለክለሳ ብዬ ነበር። ያዋጣል?

አያዋጣም። ሁለተኛውን ስትጨርሺ የመጀመሪያው ጠፍቶ ታገኚዋለሽ። የመጀመሪያውን ቀን ጠዋት ምንም ሳታነቢ አንድ የቆየ የፈተና ወረቀት ሥሪ። የሳትሻቸውን ለሁለት ክፈያቸው፤ ባንዱ በኩል «ረስቼው ነው»፣ በሌላው በኩል «አልገባኝም»። የረሳሽው ካርድ ላይ ይጻፍና ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት ይያዝ። ያልገባሽ ደግሞ ቀን፣ አእምሮሽ ንቁ ሳለ፣ በወረቀት እየተሳለ ይሠራ። ሰው የሚወድቀው እነዚህን ሁለቱን ሲያቀያይር ነው። ምክንያት ያለውን ነገር በቃል ይሸመድዳል፣ ምክንያት የሌለውን ደግሞ ልረዳ ብሎ ሲታገል ይውላል።

ከዚያ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቀን ሁለቱ ኮርሶች የሚገናኙበት ቦታ ላይ አውይው፤ አንቲቦዲ ቀይ የደም ሴልን ሲያጠፋ ማለቴ ነው። አይጂጂና አይጂኤም፣ ኮምፕሊመንት፣ ማክሮፌጅ፣ ጣፊያ፣ ሪቲኩሎሳይት፣ ስሚር፣ ኮምብስ ሁሉም እዚያ ይገኛሉ። አራተኛው ቀን ለብረትና ለሌሎቹ የደም ማነሶች። አምስተኛው ለደም መርጋትና ለሉኬሚያ። ስድስተኛው ቀን የሁለቱም ኮርስ ጥያቄ ተቀላቅሎ ይሠራ። ሰባተኛው ቀን ካርድ ብቻ፣ ማታም እንቅልፍ።

ማስጠንቀቂያዬ አንድ ነው። ደብተሩን ደግሞ ደጋግሞ ማንበብ ጥናት አይደለም። ዝጉትና ባዶ ወረቀት ላይ ጻፉት።

ናቲ፦ ኮምብስ በፍጹም አልገባኝም። ዳይሬክትና ኢንዳይሬክት ሁሌ ይምታቱብኛል።

ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ዳይሬክቱ የሚጠይቀው ስለ ሴሉ ነው፤ ከታማሚው የወጣው ሴል ላዩ ላይ አሁኑኑ አንቲቦዲ ወይም ኮምፕሊመንት ተለጥፎበታል ወይ? ኢንዳይሬክቱ የሚጠይቀው ስለ ሴረሙ ነው፤ ሴረሙ ውስጥ ሴል የሚፈልግ አንቲቦዲ አለ ወይ? ስለዚህ በኢንዳይሬክቱ አንቲጂኑ የታወቀ ሴል ከሴረሙ ጋር ቀላቅለህ በ37 ዲግሪ ታቆየዋለህ፣ አንቲቦዲው ካለ እዚያው ይለጠፋል። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ለሁለቱም አንድ ነው። ታጥበዋለህ፣ አንቲ ሂውማን ግሎቡሊን ትጨምራለህ፣ ተጓጉሎ እንደሆነ ታያለህ።

ለምን ይታጠባል? ያልተለጠፈው ግሎቡሊን በደንብ ካልወጣ የጨመርከውን ሪኤጀንት ይዞ ያስቀረዋል፤ ኔጋቲቭ ያልሆነውን ኔጋቲቭ ብለህ ትጽፋለህ። ለዚህ ነው ኔጋቲቭ የወጣ ቱቦ ላይ አይጂጂ የተለጠፈበት ቼክ ሴል የሚጨመረው። ቼክ ሴሉ መጓጎል አለበት። ካልተጓጎለ ሪኤጀንቱ አልሠራም ማለት ነውና ውጤቱ ይጣላል፣ ሥራው ከመጀመሪያው ይደገማል። ይህን የተረዳ ተማሪ ጥያቄው በየትም በኩል ቢዞር አይስትም።

አሁን በአንድ ኬዝ እንየው። የ26 ዓመት ሴት፣ ሄሞግሎቢን 6.8፣ ኤምሲቪ 106፣ ሪቲኩሎሳይት 14 በመቶ፣ ኢንዳይሬክት ቢሊሩቢን ከፍ ያለ፣ ስሚር ላይ ስፌሮሳይት። ግማሹ ተማሪ 106 የምትለዋን ሲያይ ቢ12 ብሎ ያከብበዋል። ሪቲኩሎሳይቱን ተመልከት! ቢ12 ሲያንስ መቅኒው ማምረት ያቅተዋል፣ ሪቲኩሎሳይትም ዝቅ ይላል። እዚህ ግን መቅኒው በሙሉ ኃይሉ እያመረተ ነው። ኤምሲቪው ከፍ ያለው ሪቲኩሎሳይት በመጠን ከበሰለው ሴል ስለሚበልጥ ነው። በቢሊሩቢኑ ብቻ እንዳትፈርድ ደግሞ፤ ቢ12 ሲያንስም ሴሎቹ መቅኒው ውስጥ ስለሚሞቱ ከፍ ሊል ይችላል።

ስፌሮሳይቱስ ከየት መጣ? አይጂጂ የተለጠፈበት ሴል በጣፊያ ሲያልፍ ማክሮፌጁ በኤፍሲ ሪሴፕተሩ ይይዘውና ከሜምብሬኑ ቆርሶ ይለቀዋል። ሜምብሬኑ አነሰ፣ የውስጡ ግን ብዙም አልቀነሰ፣ ስለዚህ ሴሉ ኳስ ይሆናል። የዘር ስፌሮሳይቶሲስም ስሚሩ ተመሳሳይ ነው። የሚለያቸው ዳይሬክት ኮምብስ ነው፤ በዘር የመጣው ኔጋቲቭ፣ የእኛዋ ፖዘቲቭ።

ማሕሌት፦ በቅዝቃዜ የሚሠራው አንቲቦዲስ? ኮምብሱ ሲ3ዲ ብቻ ፖዘቲቭ የሚሆነው ለምንድነው? በቃሌ ይዤዋለሁ ግን ለምን እንደሆነ አላውቅም።

በቃል መያዝ የማያስፈልገው ይሄ ነው። አይጂኤም ቀዝቀዝ ባለው የሰውነት ክፍል፣ ጣትና ጆሮ ላይ፣ ሴሉን ይይዛል፣ ኮምፕሊመንትም ያስነሳል። ደሙ ወደ ሞቃቱ ሲመለስ አይጂኤሙ ይለቃል፣ ኮምፕሊመንቱ ግን ተለጥፎ ይቀራል። ኮምብስ የሚያየው የቀረውን ነው። ሲ3ቢ የያዘውን ሴል በዋናነት የሚያጠፋው ደግሞ የጉበት ማክሮፌጅ ነው፤ ጣፊያ ማውጣት እዚህ ብዙም የማይረዳው ለዚህ ነው።

ላብራቶሪ ውስጥ ከኮምብሱም በፊት ሲቢሲው ይናገራል። ማሽኑ የተያያዙትን ሴሎች እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል። የቀይ ሴል ቁጥሩ ከሄሞግሎቢኑ ጋር አይመጣጠንም፣ ኤምሲቪው ይጨምራል፣ ኤምሲኤችሲው ሊሆን የማይችል ቁጥር ላይ ይወጣል። ቱቦውን 37 ዲግሪ አሙቀሽ ድገሚው። ቁጥሮቹ ከተስተካከሉ አገኘሽው።

ቢኒ፦ ቲቸር ለፈተናው ምን ምን ላንብብ?

ከላይ አንብብ።

ዮናስ፦ እኔ ልጨምር። አይጂኤም እንግዴ ልጅን አያልፍም። የኤቢኦ አንቲቦዲ አይጂኤም ስለሆነ በኤቢኦ ምክንያት ሕፃን አይጎዳም፣ የሚጎዳው በአርኤች ብቻ ነው። ይሄን ያዙ።

ግማሹ ልክ ነው። አይጂኤም አያልፍም። ግን ኦ የሆነች እናት አንቲ ኤና አንቲ ቢ በአይጂጂም መልክ ይኖራታል፣ እሱ ያልፋል። ለአርኤች እናትየው መጀመሪያ በሕፃኑ ደም መነካካት ስላለባት በአብዛኛው የሚጎዳው ቀጣዩ ልጅ ነው። የኤቢኦው ግን ቀድሞም ያለ አንቲቦዲ ስለሆነ የመጀመሪያውን ልጅ ሊያገኘው ይችላል። ብዙ ጊዜ ቀለል የሚለው በአራስ ልጅ ሴል ላይ ኤና ቢ አንቲጂን ደካማ ስለሆነ፣ በሌላውም የሰውነት ክፍል ላይ ስላለ አንቲቦዲው ስለሚከፋፈል ነው። «ብቻ» የሚል ምርጫ ስታዩ ተጠንቀቁ።

ዮናስ፦ እኛ ስላይድ ላይ ግን እንደዛ ነው የተጻፈው።

እንግዲህ መምህርህን ጠይቀው። እኔ የምነግርህ ደም ባንክ የማየውን ነው።

የአብስራ እናት፦ እኔ ተማሪ አይደለሁም፣ ይቅርታ። ኦ ኔጋቲቭ ነኝ፣ ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ባለቤቴ ፖዘቲቭ ነው። የአንቲ ዲ መርፌው እንዳያመልጠኝ መቼ ነው?

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። በተለመደው አሠራር በ28ኛው ሳምንት አካባቢ፣ ከዚያም ልጁ ፖዘቲቭ ሆኖ ከተወለደ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። መድማት ካለ ሳትቆዪ ሂጂ። ክትትል የሚያደርጉልሽን ግን ኢንዳይሬክት ኮምብስ ተሠርቶልኝ ያውቃል ወይ ብለሽ ዛሬውኑ ጠይቂያቸው። አንቲቦዲው ቀድሞ ከተፈጠረ መርፌው አይመልሰውም።

ሰላም፦ አራተኛው ቀን ላይ የብረትና የኢንፍላሜሽን ደም ማነስ ይምታቱብኛል። ሰንጠረዡን ሸምድጄ በሁለተኛው ቀን ይጠፋል።

ሰንጠረዡን ተይው፣ ሄፕሲዲንን ያዢ። ኢንፍላሜሽን ሲኖር ኢንተርሉኪን 6 ይጨምራል፣ ጉበት ሄፕሲዲን ያመርታል፣ ሄፕሲዲን የብረቱን መውጫ በር ፌሮፖርቲንን ያጠፋዋል። ብረት ማክሮፌጅ ውስጥ ተቆለፈ። ስለዚህ መጋዘኑ ሙሉ ነው፣ ፌሪቲን ይጨምራል ወይም ደህና ይሆናል፣ ደሙ ውስጥ ያለው ብረት ግን ያንሳል፣ ቲአይቢሲም ዝቅ ይላል። ብረት በእውነት ሲያልቅ ፌሪቲን ይወርዳል፣ ቲአይቢሲ ይጨምራል። ወረቀት ላይ ሦስቴ ሳይው፣ ሰንጠረዡ ራሱ ይወጣል።

ሄኖክ፦ ስለዚህ ፌሪቲን ኖርማል ከሆነ የብረት እጥረት የለም፣ ጨረስን ማለት ነው?

አልጨረስንም። ቲቢ ያለበት ሰው ብረቱ አልቆ ፌሪቲኑ ኖርማል ሊመስል ይችላል፣ ኢንፍላሜሽኑ ስለሚያነሳው። ዝቅ ያለ ፌሪቲን እጥረትን ያረጋግጣል። ኖርማሉ ግን ብቻውን ነፃ አያወጣም።

ሄኖክ፦ ደጋ ላይ ግን የኖርማል ቁጥሩ ራሱ ይለያያል አይደል? ለከፍታ ይጨመራል ተብለናል።

ማሕሌት፦ ለእኛ ደገኞች አይጨመርም የሚል ጥናት አለ እኮ። እ.ኤ.አ. በ2002 ሰሜን ተራሮች ላይ፣ 3,530 ሜትር፣ ሄሞግሎቢናቸው ቆላ ካለ ሰው ብዙም አይለይም ተብሏል።

ሄኖክ፦ ፈተና ላይ የሚመጣው ግን የዓለም ጤና ድርጅት ማስተካከያ ነው።

ጥናቱ አለ፣ ማስተካከያውም አለ። ለአዲስ አበባ ሰው ስንት ይጨመር የሚለው የሚያከራክር ነው፣ ክርክሩን ከፈተናው በኋላ አድርጉት። ለፈተና መምህራችሁ የሰጣችሁን ቁጥር ያዙ።

ቢኒ፦ የሲዲ ቁጥሮቹን ሁሉ እንዴት ነው የምይዘው?

ሁሉን አትያዝ። 3፣ 4፣ 8፣ 19፣ 20፣ 34 እና 56 በካርድ ያዝ፤ ምክንያት የላቸውም፣ ሽምደዳ ነው። 55ና 59 ግን ምክንያት አላቸው። ሴሉን ከራሱ ኮምፕሊመንት የሚጠብቁ ናቸው፣ ሲጠፉ ሴሉ ይፈነዳል፣ ኮምብስ ግን ኔጋቲቭ ይሆናል፣ አንቲቦዲ የለበትማ። ይህን ለምን እንደሆነ ራስህ ጽፈህ አሳየኝ።

ናቲ፦ ሌሊቱን ሙሉ በጫት ነው የምናነበው እኛ ዶርም፣ ከዚህ ውጪ ጊዜ የለም።

ማሕሌት፦ እኔም አድርጌው ፈተና ላይ ጭንቅላቴ ባዶ ሆነ።

ዮናስ፦ ለእኔ ይሠራል።

የራሳችሁ ምርጫ ነው። ኤምሲቪ 106 አይቶ ሪቲኩሎሳይቱን መፈለግ ያልተኛ ጭንቅላት የሚተወው ነገር ነው። ሰባተኛው ቀን ማታ ተኙ።

ፍሬ፦ ሉኬሚያ አልነኩም ቲቸር። የቱን ልያዝ?

አራቱን ለይቶ መያዝ ይበቃል። ኤኤምኤል ላይ አውወር ሮድ፣ ሲኤምኤል ላይ ፊላደልፊያ ክሮሞሶም፣ ሲኤልኤል ላይ ስመጅ ሴል፣ ኤኤልኤል ደግሞ ልጆች ላይ። ዝርዝሩን ሌላ ሰው ይንገርሽ።

ቢኒ፦ የሲዲ 55ቱን ጻፍኩት፦ «አንቲቦዲ ስለሌለ ኮምብስ ኔጋቲቭ፣ ሴሉ ግን ኮምፕሊመንት ስለማይቋቋም ይፈነዳል»። ልክ ነው?

ልክ ነው። ግን ጎድሏል። ኮምፕሊመንቱ ማንም ሳይቀሰቅሰው ከየት ተነሳ? አልተርኔቲቭ ፓዝዌይን ክፈትና ጨምርበት፣ ነገ ጠዋት አየዋለሁ።