ፎቶው ሳይጠራ «መልሱ ሲ ነው» ያልኩ ለት

«ሰላም ናችሁ። የ12ኛ ክፍል ልጆች ግሩፕ ላይ ጥያቄ እየሠራሁ እመልሳለሁ። ፎቶው ሲደበዝዝ ወይም ሁለት ምርጫ ትክክል ሲመስለኝ ምን ልበል? እርግጠኛ አይደለሁም ካልኩ ይንቁኛል።»

ወንድሜ፣ እኔንም ጉድ የሠራኝ ይኸው ፍርሃት ነው።

1. ያላየኸውን ቁጥር አትገምት። አንድ ማታ አንዲት ልጅ የኬሚስትሪ ጥያቄ ላከች። የHCl መጠን ሰጥቶ pH ፈልጉ ይላል። ፎቶው ጭልጭል በሚል አምፖል የተነሳ ነው። 10 አናት ላይ ያለችው ቁጥር -8 መሰለችኝ። ምርጫዎቹ 3፣ 8፣ 6.98 እና 11 ናቸው። ደስ አለኝ፤ ብዙ ሰው የሚሸወድባት ጥያቄ ናታ! 10⁻⁸ ሲያይ ቸኩሎ 8 ይላል። አሲድ የገባበት ውሃ ግን ቤዝ አይሆንም። ከውሃው ከራሱ የሚመጣው H⁺ ሲታከልበት 1.05 × 10⁻⁷ ገደማ ይሆናል፤ pH 6.98 ማለት ነው። አንድ ገጽ አብራርቼ «ሲ፣ ያለ ጥርጥር» ብዬ ለጠፍኩ።

ለካ ቁጥሩ -3 ነው። መልሱ 3፣ ማለትም ኤ። ልጅቷ ከነጓደኞቿ ገልብጣ አስረከበች። አስተማሪያቸው ማብራሪያዬን ክፍል ውስጥ እያነበበ አሳቀባቸው አሉ። ስሌቱ እኮ ልክ ነበር! እስካሁን ያንገበግበኛል። ግን 3ም 6.98ም ምርጫው ውስጥ ተቀምጠው እያየሁ መጠርጠር ነበረብኝ።

አሁን እንዲህ ነው የምጽፈው፦ «አናቷ ላይ ያለችው ቁጥር አልታየችኝም። -3 ከሆነች ኤ፣ -8 ከሆነች ሲ። ወረቀቱን አይተሽ ንገሪኝ።» በዚህ የናቀኝ የለም። የሚናደዱት «አይታይም» ብለህ ጥለሃቸው ስትሄድ ነው።

2. ሁለት ትክክል ካየህ የተቆረጠ ቃል ፈልግ። «የራሱ ዲኤንኤ ያለው የቱ ነው?» የሚል መጣልኝ፤ ኤ ሚቶኮንድሪያ፣ ቢ ክሎሮፕላስት። ሁለቱም አላቸው። «ሁለቱም ትክክል ነው፤ ከላይ ያለውን መስመር ጨምረህ አንሳው» አልኩት። «በእንስሳ ሴል ውስጥ» የሚለው ተቆርጦ ኖሯል። እንስሳ ክሎሮፕላስት የለውም፤ አለቀ።

3. ሁሉም ስህተት ሲሆንስ? እዚህ ላይ አንድ ማስጠኛ ቤት አቃጥሎኛል። በገንዘብ የሚሸጡት ወረቀት ላይ፣ ከቆመበት የተለቀቀ ድንጋይ በ3 ሰከንድ ስንት ሜትር ይወርዳል ይላል። በ g = 10 ብትሠራው 45 ነው፤ በ9.8 ደግሞ 44.1። ምርጫዎቹ 15፣ 30፣ 60፣ 90! በማጠጋጋት እንኳ የሚቀርብ የለም። መልስ መስጫቸው 30 ይላል። 30 እኮ ድንጋዩ 3ኛው ሰከንድ ላይ ያለው ፍጥነት ነው። ቢሯቸው ድረስ ሄድኩ። ሰውየው ቀና ብሎም ሳያየኝ «የታተመ መልስ አይነካም» አለኝ።

እኔም ለልጆቹ «45 ሜትር ነው፤ ምርጫው ውስጥ የለም። ፍጥነት ሊጠይቁ ፈልገው ከሆነ ቢ ይሆናል» ብዬ ጻፍኩላቸው። ወረቀቱ ዘንድሮም እንዳለ ይሸጣል።