አንድ ቃል ለሁለት ሐሳብ፦ ለወጣት ተርጓሚዎች

ውድ ወጣት ተርጓሚዎች፣

አንድ ትልቅ መጽሐፍ በቡድን ልትተረጉሙ መነሳታችሁን ሰምቼ ነው ይህን የምጽፍላችሁ። ምዕራፎቹን ከመከፋፈላችሁ በፊት እንዲደርሳችሁ ቸኩያለሁ፤ ከተከፋፈላችሁ በኋላ ሥራው እጥፍ ይሆናልና።

ከዓመታት በፊት አምስት ሆነን ስለ አደጋ መከላከል የተዘጋጀ የሥልጠና መጽሐፍ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መለስን። 300 ገጽ ገደማ ነበር፤ አስተባባሪው እኔ ነበርኩ። ሁላችንም ልምድ ስላለን እየተደዋወልን እንግባባለን ብዬ ሙዳየ ቃላት ሳላዘጋጅ ምዕራፎቹን አደልኩ። ተሠርቶ ሲመለስ እያንዳንዱ ምዕራፍ ለብቻው ሲነበብ ያምር ነበር። ጉዱ የወጣው ከዳር እስከ ዳር በአንድ ትንፋሽ ሳነበው ነው።

እንግሊዝኛው «ሪስክ» የሚለውን አንዱ «አደጋ»፣ ሌላው «ስጋት»፣ ሦስተኛዋ «የአደጋ ዕድል» ብለውታል። ይህ ቀላሉ ነው። በሀገራችን ሥራውን የያዘው መሥሪያ ቤት ራሱን «የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር» ብሎ ስለሚጠራ፣ «አደጋ» የደረሰው ጥፋት፣ «ስጋት» ደግሞ ሊደርስ የሚችለው መሆኑ ቀድሞ ተወስኗል። እሱን ተከትለን አቃናነው። ለአንድ ሐሳብ ሦስት ቃል ሲመጣ አንባቢ ግራ ቢጋባም ዓይን ቶሎ ይይዘዋል።

አንድ ቃል ሁለት ሐሳብ ሲሸከም ግን ዓይን ያልፈዋል። ምዕራፍ 2 «ተጋላጭነትን ለመቀነስ ነዋሪዎችን ከወንዙ ዳር ማንሳት ያስፈልጋል» ይላል። ምዕራፍ 6 ደግሞ «በምዕራፍ 2 የተገለጸውን ተጋላጭነት ለመቀነስ ቤቶቹን ማጠናከር ይገባል» ይላል። ታዲያ ሰዎቹ ይነሱ ወይስ ቤታቸውን ያጠናክሩ? እንግሊዝኛውን ስከፍት የመጀመሪያው «ኤክስፖዠር»፣ ሁለተኛው «ቫልነራቢሊቲ» ነው። ሁለቱ ተርጓሚዎች ሳይነጋገሩ አንዱን የአማርኛ ቃል ወስደውታል፤ ሁለቱም በየምዕራፋቸው አልተሳሳቱም። ምዕራፍ 6 ላይ የነበረው «በተጨማሪም» የሚል ቃል እንኳ ትርጉም ስላጣበት ተርጓሚው በቅንነት አውጥቶታል። እኔም በችኮላ ባነብ ኖሮ አልፈው ነበር።

መፍትሔውን ስንፈልግ ያየነውን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ የስያሜ ሥራ ምን እንደሚመስል የሚታየው እዚያ ነው። በመጀመሪያ ልዩነቱን በምሳሌ አስቀመጥን። ወንዝ ዳር ጎን ለጎን ሁለት ቤቶች አሉ፤ አንዱ የድንጋይ፣ አንዱ የጭቃ። ጎርፍ ቢመጣ ውኃው ሁለቱንም እኩል ያገኛቸዋል፤ ይህ ኤክስፖዠር ነው። የሚፈርሰው ግን የጭቃው ነው፤ ይህ ቫልነራቢሊቲ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2017 በተቀበለው የስያሜ ዝርዝርም ሁለቱ ለየብቻ ተበይነዋል።

ከዚያ ለቫልነራቢሊቲ «ተጎጂነት» የሚል ሐሳብ ቀረበ። ጣልነው፤ በመጽሐፉ «ተጎጂዎች» የተባሉት ጉዳቱ የደረሰባቸው ሰዎች ነበሩ፣ እኛ ደግሞ ገና ያልተጎዳውን ነው የምንሰይመው። ሠልጣኞቹም «ተጋላጭ የኅብረተሰብ ክፍሎች» ማለትን ስለለመዱ «ተጋላጭነት» ለቫልነራቢሊቲ ጸና። ለኤክስፖዠር «በአደጋ ክልል መገኘት» ተባለ። እሱም ወደቀ፤ መጽሐፉ በየገጹ የአፋር ክልል፣ የሶማሌ ክልል ስለሚል «ክልል» ሲነበብ የሚታሰበው አስተዳደሩ ነው። በመጨረሻ «በአደጋ ቀጣና መገኘት» አልን። ረዘም ይላል፤ ግን «በቀጣናው የሚገኙ ቤቶች» ብሎ ለመጻፍ ይመቻል። አማርኛ ቃሉን ስለሚያረባ፣ ስያሜ ስትመርጡ ሁልጊዜ በብዙ ቁጥር፣ በባለቤትነትና በግስ አዙራችሁ ሞክሩት። ለርዕስ ብቻ የሚያምርና ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ የሚደናቀፍ ቃል ተርጓሚው በሦስተኛው ገጽ ይተወዋል።

እናንተ እንዲህ ብትጀምሩ እወዳለሁ። አንድ ሰው መጽሐፉን ሙሉ አንብቦ ስያሜ የሚመስሉትን ሁሉ ያውጣ። በእኛ መጽሐፍ 400 ያህል ወጡ። ከእነዚህ ውስጥ ከአንድ ምዕራፍ በላይ የሚመላለሱትን፣ በሥዕልና በሠንጠረዥ የሚገቡትን፣ ሌላ ቃል ቢተካቸው መልእክቱ የሚዛባባቸውን ብቻ አስቀሩ። እኛ 130 አስቀረን። ተራውን ቃል ለተርጓሚው ነጻነት ተዉለት፤ «አስፈላጊ» እና «ተገቢ» መዝገብ ውስጥ ከገቡ ማንም አይከፍተውም። ሠንጠረዡ በኤክሴል ይበቃል፤ እንግሊዝኛው፣ የአማርኛው ስያሜ፣ የአንድ ዓረፍተ ነገር ፍቺ፣ ምሳሌ፣ እና የተጣሉ ቃላት ከነምክንያታቸው ይኑሩበት። የመጨረሻው ዓምድ ትርፍ ሥራ ይመስላል። ነገር ግን «ክልል» ለምን እንደተጣለ ካልተጻፈ በሁለተኛው ወር አንዱ መልሶ ያመጣዋል፤ ክርክሩም እንደ አዲስ ይጀመራል።

ሠንጠረዡ ሲሞላ በአማርኛው ዓምድ ፊደል ተራ አስይዙት። አንድ የአማርኛ ቃል በሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት አንጻር ከተገኘ ቁሙና መርምሩ። እኛ በዚህ መንገድ «የመቋቋም አቅም» ለሁለት ስያሜዎች መዋሉን አገኘን፤ አንዱን «አይበገሬነት» ብለን ለየነው። ተራው እንዲሠራ ግን አስቀድማችሁ የፊደል አጻጻፉን አንድ አድርጉ። ሥጋት በንጉሡ ሠ፣ ስጋት በእሳቱ ሰ ከተጻፈ ኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ቃላት አድርጎ ያራርቃቸዋል።

የተተረጎመውን ስትፈትሹም ይኸው ያስቸግራል። «ስጋት» ብላችሁ ብትፈልጉ ስጋቱ፣ ስጋታቸው፣ ስጋቶች አይገኙም፤ የመጨረሻው ፊደል ተለውጧል። ፊደሉን ቀንሳችሁ «ስጋ» ብትሉ የምግብ ዋስትናው ምዕራፍ በእሳቱ ሰ የተጻፈውን የበሬ ስጋ ሁሉ ያመጣላችኋል። ሊብሬኦፊስ ራይተር ላይ መፈለጊያውን ከፍታችሁ የሬጉላር ኤክስፕሬሽን ምርጫውን አብሩና ይህን ጻፉ፦

```
[ስሥ]ጋ[ተ-ቶ]
```

ሁለቱን አጻጻፎችና ከተ እስከ ቶ ያሉትን መጨረሻዎች በአንድ ጊዜ ይይዛል። ለተጋላጭነት ግን አንድ ፍለጋ አይበቃም፤ ተጋላጮች፣ የተጋለጡ፣ የሚጋለጥ እያላችሁ ለየብቻ ማሰስ አለባችሁ። ስሙ ተስተካክሎ ግሱ በድሮው ትርጉም ሲቀር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ሥራው መሐል አዲስ ስያሜ ሲገጥማችሁ አትቁሙ፣ ብቻችሁንም አትወስኑ። የመሰላችሁን ጽፋችሁ ፊቱ ላይ ## አድርጉና ለመዝገቡ ጠባቂ ላኩ። ጠባቂው አንድ ሰው ይሁን፤ ሌሎቻችሁ ሠንጠረዡን አንብቡ እንጂ አትንኩት። በሳምንት አንድ ጊዜ ተገናኝታችሁ የተጠራቀመውን ጨርሱ። የጸደቀ ስያሜ ከተለወጠ ቀኑ ይመዝገብ፤ ከዚያ ቀን በፊት የገቡትን ምዕራፎች ማን እንደሚያቃና እዚያው ስም ይጻፍበት። እኛ ይህን ስም ባለመጻፋችን ሁለት ምዕራፎች በአሮጌው ቃል ታትመው ሊወጡ ምንም አልቀራቸውም ነበር።

ረቂቁ ሁሉ ሲሰበሰብ አንዳችሁ መጽሐፉን በምዕራፍ ሳይሆን በስያሜ አንብቡት። አንዱን ቃል ይዛችሁ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው፣ የመጽሐፉን ሠንጠረዦችና የሥዕሎቹን መግለጫ ጨምሮ፣ እንግሊዝኛውን በጎን ከፍታችሁ ሂዱ። ለ130ው ሁሉ ጊዜ ከሌላችሁ በፊደል ተራው ጎን ለጎን ከቆሙት ተመሳሳዮች ጀምሩ። እኔ ምዕራፍ 6 ላይ የጠፋውን «በተጨማሪም» ያገኘሁትና ወደ ቦታው የመለስኩት እንዲያ ሳነብ ነው።